የዘገየው የመንገድ መመሪያ፦ ስልክና መኪና በብሉቱዝ ሲገናኙ

የስልኩ ካርታ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» የሚለው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ የሆነበት አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ ጂፒኤሱን ይወቅሳል። እስቲ አስቀድመን ድምፁ የሚጓዝበትን መስመር እንመርምር።

ስልክና መኪና ሲጣመሩ በአብዛኛው ሁለት የድምፅ መስመሮች ይዘረጋሉ። አንደኛው የጥሪ መስመር ነው፤ ንግግርን በሁለት አቅጣጫ ስለሚያመላልስ የድምፅ ጥራትን ቀንሶ ፍጥነትን ይመርጣል። ሁለተኛው የሙዚቃ መስመር ነው፤ ድምፁ እንዳይቆራረጥ መኪናው ጥቂቱን አስቀድሞ ያጠራቅማል። የካርታው ድምፅ በተለምዶ በዚህኛው ይጓዛል። ሙዚቃ ከሌለ መስመሩ ያርፋል፤ መመሪያው ሲመጣ እስኪነቃ ድረስ ድምፁ ይዘገያል ወይም የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል።

መዘግየቱ 2 ሰከንድ ነው እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚህ ጊዜ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ መታጠፊያን ለመሳት ይህ በቂ ነው።

መንስኤውን ለመለየት ከስልኩ ዝግ ያለ ሙዚቃ እያሰማችሁ ተጓዙ። መመሪያው በጊዜው ከደረሰ ችግሩ የመስመሩ ማረፍ ነበር። ካልተሻሻለ፣ መኪናውን አቁማችሁ በGoogle Maps ውስጥ `Play voice over Bluetooth` የሚለውን አጥፉ፤ ድምፁ በራሱ በስልኩ ይወጣል። ያን ጊዜም ከዘገየ ጂፒኤሱን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል።

ጥሪ እየሠራ መመሪያ ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ የብሉቱዝ ቅንብር ውስጥ በመኪናው ስም ሥር `Media audio` መብራቱን ተመልከቱ። በተቃራኒው ሙዚቃ እየተሰማ ጥሪው በስልኩ ብቻ ከቀረ፣ የጠፋው `Phone calls` ሊሆን ይችላል።