ተጨማሪ መረጃ፦ ስላቅ ምስጋና እንዳይመስል

በንግግር ስላቅን የሚያስታውቀው የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ ነው፤ በጽሑፍ ሁለቱም የሉም። በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ለዚህ የተመደበው ትእምርተ ስላቅ (¡) ነው፦ «የሰፈራችን የውኃ አቅርቦት ድንቅ ነው¡»

ሆኖም ምልክቱን የማያውቅ አንባቢ ከቃለ አጋኖ ሊያምታታው ይችላል። የሰፈሩን ችግር ያልሰማ ሰው ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ምስጋና ይወስደዋል። ስለዚህ ረቂቁን ስታርሙ እውነታውን ከስላቁ ጎን አስገቡ፦ «የሰፈራችን የውኃ አቅርቦት ድንቅ ነው፤ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ ያውም ሁላችንም ስንተኛ¡» አሁን ምልክቱ ቢቀር እንኳ ስላቁ ይገባል።

ጽሑፉ ለመሥሪያ ቤት የሚገባ አቤቱታ ከሆነ ግን ስላቁን አውጡትና በቀጥታ ጻፉ፦ «ውኃ የምናገኘው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ነው።»