ቃሉ ሲቀነስ ለዛው እንዳይሄድ

ኢንስታግራም ብዙ ምስሎችን በአንድ ፖስት ደርድሮ ማንሸራተትን የፈቀደው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ያኔ ጣሪያው 10 ምስል ነበር፤ በ2024 ወደ 20 ከፍ አደረገው። ካሩሰል የሚባለው ይሄ ነው። ዛሬ የባልትና ቤቱም፣ የልብስ ሰፊዋም፣ የጥርስ ክሊኒኩም ደንበኛን የሚያስተምሩት በካሩሰል ሆኗል። ቦታው ሲሰፋ ግን ወሬውም አብሮ ሰፋ። እያንዳንዱ ስላይድ እስከ አፍ ገደፉ በጽሑፍ ይሞላል፤ አንባቢው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ጣቱ ወደ ሌላ ፖስት ይሄዳል።

ስለዚህ ቁረጡ ይባላል። መቁረጡ ከባድ አይደለም። ከባዱ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ጽሑፍ የማንም ሊሆን የሚችል፣ የክፍለ ከተማ ማስታወቂያ የሚመስል መሆኑ ነው። ይህ የሚደርሰው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። ሰው ለመቁረጥ ሲቀመጥ የሚፈልገው «መረጃ የሌለውን» ቃል ነው፤ የቤቱን ለዛ የተሸከሙት ቃላት ደግሞ እንዲህ ባለ ዓይን ሲታዩ መረጃ የሌላቸው ይመስላሉ። ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ድርቅ ያለው የመሥሪያ ቤት አማርኛ «ቁም ነገር» ስለሚመስል ይተርፋል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጅ ባልትና ቤት አለች እንበል። ባለቤቷ ሱቅ ውስጥ ስታወራ ሳቂታ ናት፤ ሙያውን ያስተማረቻትን እናቷን እያነሳች ትቀልዳለች። በርበሬ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያስረዳ ካሩሰል አዘጋጀች። ረቂቁ 9 ስላይድና ወደ 220 ቃላት አለው። ሰላምታ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ብርሃንና ሙቀት፣ ስለ ፍሪዘር፣ ስለ ብልሽት ምልክት፣ ማጠቃለያ፣ ምስጋና። የመጀመሪያው ስላይድ እንዲህ ይላል፦

«ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ደግሞ በርበሬያችንን ከገዛችሁ በኋላ ጥራቱን ጠብቆ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ የምትችሉባቸውን መንገዶች ልናካፍላችሁ ወደናል።»

19 ቃላት ናቸው። የተለመደው ቆራጭ ይህን «በርበሬን ለረጅም ጊዜ ማቆያ መንገዶች» ያደርገዋል። 5 ቃል ሆነ፤ ግን በውስጡ ሰው የለም። ባለቤቷ ይህንኑ ነገር ሱቅ ለመጣ ደንበኛ ብትናገረው ምን ትል ነበር? «ኧረ ያ ቀይ በርበሬ ምን ነካው?» 6 ቃል። ከደረቁ የሚበልጠው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሰላምታውንም፣ ጉዳዩንም፣ ሴትዮዋንም ይዟል።

እዚህ ላይ አማርኛ ለቆራጩ ያደላል። ለዛ የሚሰጡት ቃላት ከቋንቋው አጫጭሮቹ ናቸው፤ ኧረ፣ እኮ፣ እስቲ፣ በሉ። ሁለት ፊደል ቢቆረጥ ምን ቦታ ይተርፋል? ቦታ የሚበሉት ሌሎች ናቸው፤ «ከዚህ በተጨማሪ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ማረጋገጥ ይኖርባችኋል»፣ «ጥቅም ላይ ማዋል»። «መዝጋታችሁን አረጋግጡ» ከማለት «ግጥም አድርጉት» ማለት ያጥራል፤ ይሞቃልም። ግሱ ላይ የሚለጠፈው ቅጥያም እንደዚያው ነው፤ «እንዳይሻግት» እና «እንዳይሻግትባችሁ» እኩል አንድ አንድ ቃል ናቸው፣ ሁለተኛው ግን ለአንባቢው ያዝንለታል። (አንዳንዱ ይህን ሲሰማ በየስላይዱ «እኮ» ይነሰንሳል። በስድስት ስላይድ ሁለቴ ካለፈ ልቅ ነው።)

ስለዚህ መቀስ ከማንሳት በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። ረቂቁን አትሞ፣ ይህ ቤት ብቻ ሊለው የሚችለውን ዓረፍተ ነገር በቀይ ማስመር። ከ220 ቃላት ውስጥ ቀይ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አይበልጥም። መቁረጡ የሚጀምረው ካልተሰመረው ነው። ከየስላይዱ እኩል እኩል መሸራረፍ ግን አያዋጣም፤ ቀዩ የተከማቸበትን ስላይድም ባዶውንም በአንድ ሚዛን ይቀጣል።

በዚህች ረቂቅ ላይ ቀዩ የበዛው አራተኛው ስላይድ ላይ ነው፦

«በርበሬውን ከዕቃው ውስጥ በምታወጡበት ጊዜ የምትጠቀሙበት ማንኪያ ሙሉ በሙሉ የደረቀ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርባችኋል፤ ምክንያቱም እርጥበት ወደ ውስጥ ከገባ በርበሬው ሊሻግት ስለሚችል ነው። እናቴ እርጥብ ማንኪያ ይዞ ወደ በርበሬ ዕቃዋ የቀረበን ሰው ከጓዳ ታባርር ነበር።»

34 ቃላት። ምክሩ 22ቱን ወስዷል፣ እናትየው 12ቱን። የቸኮለ ሰው እናትየዋን አውጥቶ «ደረቅ ማንኪያ ይጠቀሙ፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል» ብሎ ይገላገላል። ነገር ግን እናትየዋ ጌጥ አይደለችም፤ ምክሩ ራሱ በእሷ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ሰው የተባረረበትን ነገር የሰማ አንባቢ ማንኪያው መድረቅ እንዳለበት ገብቶታል። መቆረጥ ያለበት ማብራሪያው ነው፦

«እርጥብ ማንኪያ የያዘን እናቴ ከጓዳ ታባርር ነበር። እውነቷን ነው፤ እርጥበት ከገባ ይሻግታል።»

12 ቃል። ይህ ስላይድ ከአራተኛነት ወደ ሁለተኛነት ከፍ ማለት አለበት። ኢንስታግራም አንድ ሰው ሳያንሸራትት ያለፈውን ካሩሰል አንዳንዴ በሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ ያሳየዋል። ረቂቁ ላይ በዚያ ቦታ የተቀመጠው «ስለ ቤታችን» ነው፤ ገና ላልተዋወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንደማንበብ።

ትልቁ ቅነሳ የሚገኘውም ከዓረፍተ ነገር ሳይሆን እንዲህ ሙሉውን ካሩሰል ዘርግቶ ከማየት ነው። ስለ ዕቃውና ስለ ብርሃን የሚናገሩት ሁለቱ ስላይዶች አንድ ጥያቄ ነው የሚመልሱት፤ የት ይቀመጥ? ተዋሐዱ፦ «ከምድጃ በላይ አታስቀምጡት፤ ሙቀትና ብርሃን ቀለሙን ይሰርቁበታል። ክዳኑን ግጥም አድርጉት።» ማጠቃለያው ደግሞ የሚያጠቃልለው ነገር ሲያጥር ሥራ ይፈታል፤ ወጣ። «ስለ ቤታችን»ም ወጣ። ዘጠኙ ስድስት ሆኑ።

ቅነሳ ጉዳት የሚያደርሰው የት እንደሆነ የፍሪዘሩ ስላይድ ያሳያል። መጀመሪያ ሲቆረጥ «ለሳምንት የሚበቃችሁን በትንሽ ብልቃጥ። የቀረው? ፍሪዘር ውስጥ ይተኛ።» ሆኖ ነበር። 8 ቃል፤ ለዛም አለው። ግን ረቂቁ ውስጥ የነበረ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጠፍቷል። ከፍሪዘር የወጣ ብልቃጥ ወዲያው ከተከፈተ የክፍሉ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በቀዝቃዛው በርበሬ ላይ ውሃ ይሆናል። በሁለተኛው ስላይድ ማንኪያ ያባረረች እናት በአራተኛው ውሃ አስገባች ማለት ነው። ስለዚህ አራት ቃል ተመለሰ፦ «ስታወጡት ላቡ እስኪደርቅ አትክፈቱት።» «ካልሆነ በቀር»፣ «እስኪ»፣ «በፊት» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ከመቁረጥ በፊት፣ እነሱ ባይኖሩ አንባቢው ቤቱ ሄዶ ምን እንደሚያደርግ በዓይነ ኅሊና መከተል ያስፈልጋል። ካፕሽኑ ላይ ማዛወርም አያድንም። ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ቢይዝም መጀመሪያ የሚታየው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው፤ የቀረውን ተጭኖ የሚከፍተው ጥቂት ሰው ነው።

የብልሽቱን ስላይድ ደግሞ አሳጥረው ማሳጠር ሳይሆን ከሁሉ ረጅም አድርገው መተው ይሻላል፦ «ሻጋታ ካያችሁ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጣሉት። እናውቃለን፣ ያሳዝናል። ግን ነፍቶም ሆነ አስጥቶ መብላት ለጤና አይሆንም።» 15 ቃል። ሻጋታ የሚተወው መርዝ በወንፊትም በፀሐይም አይወጣም፤ ምግብ ማብሰሉም አያጠፋውም። እዚህ ቀልድ የለም፣ እናትየዋም የለችም። ሞቅ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ ይስቃል ማለት አይደለም፤ ባለቤቷም ሱቅ ውስጥ ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «እናውቃለን፣ ያሳዝናል» የሚለውን «መረጃ የለውም» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ግን ውድ በርበሬ ጣሉ የተባለውን ደንበኛ ፊት አላየም።

የመጨረሻው ስላይድ ረቂቅ፣ «ስለተከታተላችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ምርቶቻችንን ለማዘዝ ከታች ባለው ስልክ ቁጥር ይደውሉልን፤ ይህን ጽሑፍ ለወዳጆችዎ ማጋራትዎን አይርሱ» ይላል። ርዝመቱን ተዉት፤ «እናንተ» ብሎ የጀመረ ሰው መሐል ላይ «እርስዎ» ብሏል። ይህ ከየቦታው ተቀድቶ የተሰፋ ረቂቅ ምልክት ነው፤ ቁረጡ በተባለ ጊዜም ሳይታይ ያልፋል፣ ቃላቱ አይቀንሱምና። እንደዚህች ላለች ቤት «እናንተ» ይሻላል፤ ወንድ ሴት ሳይል ሁሉንም ይይዛል። አዲሱ፦ «ቤታችሁ እርጥብ ማንኪያ የሚያበዛ አለ? ላኩለት። በርበሬ ያለቀባችሁ ደግሞ ደውሉ።»

ጠቅላላው 65 ቃል ሆነ። ይሁንና በአማርኛ የቃል ቁጥር ብቻውን ያታልላል። «አላስቀመጥንላችሁም» አንድ ቃል ነው፣ ስክሪን ላይ ግን ግማሽ መስመር ይወስዳል። የውጭ መመሪያዎች «በስላይድ ይህን ያህል ቃል» የሚሉት ለሌላ ቋንቋ ተለክቶ ነው። ለእኛ መስመር መቁጠር ይቀላል፤ በስላይድ አምስት መስመር ይበቃል። የካሩሰል ምስል ብዙ ጊዜ 1080 በ1350 ፒክስል ሆኖ ይሠራል፤ ስልክ ላይ ስፋቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በኮምፒውተር ሲታይ ግልጽ የነበረ ጽሑፍ እዚያ ሲደርስ ይጠወልጋል። ፊደላችን ደግሞ «ሙ»ን ከ«ሚ» የሚለየው በትንሽ ጭረት ስለሆነ በትንሽ መጠን ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ረቂቁን ወደ ራስ ስልክ ልኮ ክንድ ዘርግቶ ማንበብ በቂ ፈተና ነው።

ለዛው መትረፉን የሚለካው ሌላ ፈተና ነው። የቤቱን አርማና ስም ሸፍኖ፣ ሱቁን ለሚያውቅ አንድ ሰው ጽሑፉን ብቻ ማሳየትና የማን እንደሆነ መጠየቅ። «የሆነ የጤና ጥበቃ ነገር ይመስላል» ካለ ቀዩ ተቆርጧል። ካወቀ፣ ከየትኛው ቃል እንዳወቀ ይጠየቅ፤ ያ ቃል በሚቀጥለው ካሩሰል ላይም አይነካም። ድምፁ ከመጀመሪያውም ረቂቁ ላይ ከሌለ ግን ቆርጦ ማምጣት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ባለቤቷ ለደንበኛ ስታስረዳ በስልክ ድምፅዋን ቀድቶ፣ የሚሰመረውን ከዚያ መልቀም ነው።

«ስለ ቤታችን» የሚለው ስላይድ የትም አልተጣለም። እናትየዋ ሌላ ምን ምን ትከለክል እንደነበር ባለቤቷ ስትጠየቅ ብዙ ተገኘ፤ ለብቻው ካሩሰል ሆኖ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል።