መጀመሪያ ስቶፑ፣ ከዚያ ሎቱ

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ 500 ዶላር አስገብቶ ዩሮን በዶላር መግዛትና መሸጥ ጀመረ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ሲያዝዝ አየሁት። መጀመሪያ የነካው የሎቱን ቁጥር ነው፤ 0.10 አለና ገዛ። ስቶፕ ሎስ ትዝ ያለው ሒሳቡ መቅላት ሲጀምር ነበር። «ከ5 ዶላር በላይ አልከስርም» ብሎ ከገዛበት ዋጋ 5 ፒፕ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው። የያዝነው ቡና ሳይቀዘቅዝ ተመታ። ሩብ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ዋጋው እሱ ወዳለው አቅጣጫ ሽቅብ ወጣ። ግምቱ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው።

ፒፕ ማለት በዩሮና ዶላር ዋጋ ላይ አራተኛዋ የነጥብ ቤት ናት፤ ከ1.0850 ወደ 1.0851 ሲሄድ 1 ፒፕ ተንቀሳቀሰ ይባላል። 0.10 ሎት 10,000 ዩሮ ስለሆነ እያንዳንዷ ፒፕ 1 ዶላር ታወጣለች። በ0.01 ሎት ግን 10 ሳንቲም ብቻ ናት። ጓደኛዬ ትልቁን ሎት አስቀድሞ ስለመረጠ፣ 5 ዶላሩን ለማዳን ስቶፑን 5 ፒፕ ላይ ማጣበቅ ግድ ሆነበት። ዩሮና ዶላር ደግሞ ምንም ወሬ በሌለበት ሰዓት እንኳ 5 ፒፕ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ስቶፕ የሚቀመጠው ኪስ በሚፈቅደው ቦታ አይደለም። ዋጋው እዚያ ከደረሰ «ተሳስቻለሁ» የሚያሰኝ ቦታ መሆን አለበት። በዚያው ግብይት ቻርቱን ብናየው፣ ዋጋው 1.0850 ላይ ሳለ ቅርብ ጊዜ ወርዶ የተመለሰባት ዝቅተኛ ነጥብ 1.0812 ናት። የገዛነው «ከዚያ በታች አይወርድም» ብለን ስለሆነ፣ ስቶፑ ከዚያች ነጥብ ጥቂት ዝቅ ብሎ 1.0805 ላይ ይሁን። ልክ ነጥቧ ላይ የማናስቀምጠው ብዙ ሰው እዚያው ስለሚያስቀምጥና ዋጋው ነካ አድርጎ ስለሚመለስ ነው። ርቀቱ 45 ፒፕ ሆነ። አሁን ወደ ኪስ እንመለስ፦ በአንድ ግብይት የሒሳባችንን 1 በመቶ፣ ማለትም 5 ዶላር ብቻ ለማጣት ወስነናል። 5 ዶላርን ለ45 ፒፕ ስናካፍለው ለአንድ ፒፕ 11 ሳንቲም ያህል ይደርሳል። ስለዚህ 0.01 ሎት። ስቶፑ ቢመታ የሚሄደው 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።

በ0.10 ሎት ያው ስቶፕ 45 ዶላር፣ የሒሳቡን 9 በመቶ ይወስዳል። አሥር ጊዜ በተከታታይ መሳሳት ደግሞ ብርቅ አይደለም። 1 በመቶ እያጣ የቆየ ሰው ከ500 ዶላሩ 452 ያህል ይቀረዋል። 9 በመቶ እያጣ የቆየው 195 ገደማ ይዞ ይቀራል፤ ወደ 500 ለመመለስ ገንዘቡን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማድረግ አለበት። ሌቨሬጁ ግን ይፈቅድለታል፦ በአሜሪካ ሕግ ለዋና ዋና ገንዘቦች 1 ለ50 ስለሆነ በ500 ዶላር እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ግብይት መክፈት ይቻላል።

ትንሽ ሒሳብ የሚቸገረው በሌላ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ዝቅተኛው መጠን 0.01 ሎት ነው። ቻርቱ 120 ፒፕ ርቀት ከጠየቀ በዚያች በትንሿ መጠን እንኳ አደጋው 12 ዶላር ይሆናል። ያኔ ስቶፑን ወደ 50 ፒፕ መጎተት ራስን ማታለል ነው። መልሱ ያንን ግብይት መተው ነው፤ በእኔ እይታ ለጀማሪ የሚከብደው ትምህርት ይኸው ነው።

ሻጭ ሆነው የገቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሻጭ ስቶፕ የሚመታው በመግዣው ዋጋ ነው። ኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲል፣ በበጋቸው በአዲስ አበባ ሌሊት 6 ሰዓት፣ ገበያው ሲሳሳ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ስፕሬድ ይሰፋል። ቻርቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የመሸጫውን ዋጋ ስለሆነ፣ ጠዋት የተነሳ ሰው «ዋጋው ሳይደርስ ስቶፔ ተመታ» ብሎ ብሮከሩን ይከሳል። በመሸጫው አልደረሰም፤ በመግዣው ግን ደርሷል።

ከሁሉም በላይ ስቶፕ የዋጋ ዋስትና አይደለም፤ ዋጋው እዚያ ሲደርስ «በተገኘው ዋጋ ዝጋልኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከ2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከል ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 በድንገት ተወው። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ስቶፑን 1.1980 ላይ ያስቀመጠ ገዢ እዚያ ዋጋ ላይ የሚገዛው አላገኘም። ከ1.20 ገዝቶ 1.00 ላይ የተዘጋበት ሰው 0.01 ሎት ከነበረው 200 ፍራንክ አጣ፤ 0.10 ከነበረው 2,000። የሁለቱም ስቶፕ አንድ ቦታ ነበር።

ጓደኛዬ አሁን ዓርብ ማታ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት ክፍት ያለውን ሁሉ ይዘጋል። ሰኞ በየት ዋጋ እንደሚከፈት ስቶፑ አያውቅም ይላል።