በአምስት ሰከንድ ስንት ፊደል ይነበባል?

ቪዲዮ ወደ አማርኛ ተርጉሞ ከሥሩ ጽሑፍ ማስገባት፣ ማለትም ሰብታይትል መሥራት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በየትኛው ፕሮግራም ልሥራ?» ብሎ ነው። መልሱ ከባድ አይደለም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ጀማሪን የሚጥለው ግን ፕሮግራሙ ሳይሆን የትርጉሙ ርዝመት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ተመልካች ምስሉን እያየ አንብቦ ሊከተለው ከሚችለው በላይ በፍጥነት ይናገራል። ተመልካቹ ደግሞ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ምስሉንም ማየት አለበት፤ ፊቱን፣ እጁን፣ ከበስተጀርባ የሚሆነውን። የተባለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር የተረጎመ ሰው ቪዲዮውን ወደ ንባብ ፈተና ይለውጠዋል።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች የሚለኩት በሰከንድ ስንት ሆሄ እንደሚነበብ ነው። ኔትፍሊክስ ለተርጓሚዎቹ ባወጣው መመሪያ የአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በሰከንድ ከ20 ሆሄ እንዳይበልጥ ይላል፤ በአንድ መስመር 42 ሆሄ፣ ቢበዛ ሁለት መስመር። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። አንድ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ከሰባት ሰከንድ በላይ አይቆይም።

ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ስህተት ነው። የላቲን ሆሄ አንድ ድምፅ ሲይዝ የእኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ይዟል፤ «ማ» ለማለት እነሱ ሁለት ሆሄ ያወጣሉ። የኔትፍሊክስ መመሪያ ራሱ ይህን ዓይነት ልዩነት ያውቃል፤ ለኮሪያ ቋንቋ በሰከንድ 12፣ ለጃፓንኛ 4 ሆሄ ብቻ ይፈቅዳል። ለአማርኛ እኔ የምመክረው ከ10 እስከ 12 ፊደል ነው። በመስመር ደግሞ ከ32 ባይበልጥ ይሻላል፤ ፊደላችን ሰፋ ያለ ስለሆነ ከዚያ ካለፈ በስልክ ስክሪን ላይ ይጨናነቃል። ይህ የሥራ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ለልጆች የሚሠራ ሰው ዝቅ ያድርገው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በእንግሊዝኛ የተሠራ የጤና ቪዲዮ ነው እንበል። አንዲት ሐኪም ኦአርኤስ የተበጠበጠበትን ኩባያ በእጇ ይዛ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ እንዴት እንደሚሰጥ ታስረዳለች። ፈጣን ተናጋሪ ናት፤ ንግግሯ አምስት ሰከንድ ይወስዳል። ሙሉ ትርጉሙ ይህን ይመስላል፦

እኔ ሁልጊዜ ለእናቶች የምነግራቸው ነገር ቢኖር፣ ውህዱን በአንድ ጊዜ ለልጁ እንዳይሰጡት፣ ይልቁንም በማንኪያ ትንሽ በትንሽ እያደረጉ እንዲሰጡት ነው።

ከነክፍት ቦታው 94 ፊደል ነው፤ በሰከንድ 19 ገደማ ማለት ነው። ትርጉሙ ስህተት የለበትም፤ ግን ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። በሰከንድ 12 ብንል በአምስት ሰከንድ ያለን 60 ፊደል ብቻ ነው። ምን ይውጣ?

መጀመሪያ የሚወጣው ትርጉም ሳይጨምር ቦታ የሚይዘው ነው፦ «ነገር ቢኖር»፣ «ይልቁንም»፣ «እያደረጉ»። «እኔ» የሚለውም አያስፈልግም፤ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ የሚወጣው ምስሉ ራሱ የሚናገረው ነው። ኩባያው በእጇ ስላለ «ውህዱን» ማለት አይጠበቅብንም። ስለ ልጁ እየተወራ መሆኑም ስለሚታወቅ «አትስጡት» ስንል «ለልጁ» የሚለው ቃል ውስጥ ገብቷል። ረጅሙን «እንዳይሰጡት» ወደ ቀጥተኛ ትእዛዝ መለወጥም ብዙ ቦታ ይቆጥባል። እንዲህ ሆነ፦

በአንድ ጊዜ አትስጡት፤ በማንኪያ ትንሽ በትንሽ ስጡት።

34 ፊደል፣ በሰከንድ ሰባት እንኳ አልሞላም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ደስ ብሎት ያልፋል። እኔ ግን ከልክ በላይ ተቆርጧል እላለሁ። ሐኪሟ የብዙ ዓመት ልምዷን ጠቅሳ እየመከረች ነበር፤ አሁን ግን የመድኃኒት መመሪያ ወረቀት መሰለች። ቦታ ካለን ድምጿን እንመልስላት፦

እናቶችን ሁሌም እላቸዋለሁ፦ በአንድ ጊዜ አትስጡት፤
በማንኪያ ትንሽ በትንሽ ስጡት።

52 ፊደል፣ በሰከንድ 10 ተኩል ገደማ። መስመሩ የተሰበረውም ሐሳቡ ባረፈበት ቦታ ነው። «በማንኪያ» የሚለው ቃል ላይኛው መስመር ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዓይን ወደ ታች ወርዶ ግሡን እስኪያገኝ ድረስ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ ይቆይ ነበር።

የማይነካ ነገርም አለ። አሉታ፣ ቁጥር፣ «ካልሆነ በቀር» ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ምንም ቢጣበብ አይወጣም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ጽሑፍ ሲከፈል «አይደለም» የሚለው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ ተመልካቹም ለሦስት አራት ሰከንድ ተቃራኒውን አምኖ ይቆያል። እንዲህ ካጋጠመ ዓረፍተ ነገሩን በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ነው። አክብሮትንም መቁረጫ አታድርጉት። ልጅ አያቱን «ይምጡ» በማለት ፈንታ «ና» ሲል ሁለት ፊደል ተርፎ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ግን ሌላ ቤተሰብ ሆነ።

ከመቁረጥ በፊት ጊዜ መበደርም ይቻላል። ተናጋሪው ዝም ካለ በኋላ ቀጣዩ ንግግር እስኪጀምር ክፍተት ካለ፣ ጽሑፉን አንድ ሰከንድ ያህል ማቆየት አሥር ፊደል ያተርፋል።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ሥራው ሁለት ስለሆነ መሣሪያውም ሁለት ነው። ጽሑፉን የምታዘጋጁት እንደ ካፕከት ባለ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ሳይሆን ለሰብታይትል በተሠራ ፕሮግራም ይሁን። ለዊንዶውስ ሰብታይትል ኤዲት፣ ለማክም ጭምር ኤጂሰብ አለ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ጥቅማቸው የእያንዳንዱን ጽሑፍ ፍጥነት አጠገቡ ማሳየታቸው ነው። ገደባቸው ግን ለላቲን ሆሄ የተቀመጠ ስለሆነ 19 ፊደል ስትጽፉ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ሰብታይትል ኤዲት ላይ `Options` ከዚያ `Settings` ገብታችሁ ወደ 12 አውርዱት።

ቪዲዮውን መቁረጥና መቀጠል፣ ድምፁን ማስተካከል በካፕከት፣ በሾትከት ወይም በዳቪንቺ ሪዞልቭ ይሠራል፤ ለጀማሪ ሾትከት ይበቃል። ይህ ግን ከሰብታይትሉ በፊት ማለቅ አለበት። ሰብታይትሉ ካለቀ በኋላ ከመግቢያው አሥር ሰከንድ ከቆረጣችሁ ጽሑፉ በሙሉ አሥር ሰከንድ ይዘገያል። መዘግየቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ሁሉንም በአንዴ ማንቀሳቀስ ይበቃል። እየሄደ የሚጨምር ከሆነ ግን ችግሩ የቪዲዮው የፍሬም ብዛት መለያየት ነው፤ በማንቀሳቀስ አይድንም።

ለዩቲዩብ ከሆነ `.srt` ፋይሉን ለብቻው መጫን ይሻላል። በቴሌግራም ለሚላክ ቪዲዮ ግን ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ቢታተም ይመረጣል። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል፦

```
ffmpeg -i video.mp4 -vf "subtitles=amharic.srt:force_style='FontName=Noto Sans Ethiopic'" -c:a copy final.mp4
```

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከወጣ ቅርጸ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ የለም ማለት ነው፤ ሲጫን ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ከወጣ ግን ፋይሉ `UTF-8` ሳይሆን በሌላ መልክ ተቀምጦ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከቀድሞው ቅጂ እንደገና መነሳት ነው።

ከማሳተማችሁ በፊት ድምፁን አጥፍታችሁ ቪዲዮውን ላላየ ሰው አሳዩት። እናንተ ጽሑፉን በቃላችሁ ስለምታውቁት ፍጥነቱን በትክክል አትፈርዱም። እያዩ ወደኋላ ልመልስ ካሉ፣ ወይም ሐኪሟ በእጇ ምን እንደያዘች ስትጠይቋቸው ካላወቁ፣ ጽሑፉ ገና ረጅም ነው። ቪዲዮ ላይ የታተመ ጽሑፍ አይታረምምና `.srt` ፋይሉን ሥራው ካለቀ በኋላም እንዳታጠፉት።