ዕቃ መቼ ይታዘዝ? በቀጠሮ ወይስ በምልክት?

አንድ የገጠር ሸማቾች ማኅበር ሱቅ አለው እንበል። ሱቁ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት ይሸጣል። ዕቃው የሚመጣው ከወረዳው ከተማ ነው። የሱቁ ኃላፊ ሁልጊዜ የሚጨነቅበት ጉዳይ «መቼ ልዘዝ?» የሚለው ነው። ዘግይቶ ካዘዘ ጨው ያልቅና አባላቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። አብዝቶ ካዘዘ ደግሞ የማኅበሩ ገንዘብ በጆንያ ታስሮ ይቀመጣል፤ ጨው ይረጥባል፣ ስኳሩንም ጉንዳን ይወረዋል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛውን በምልክት ማዘዝ፣ ሁለተኛውን በቀጠሮ ማዘዝ እንበላቸው። የትኛው ወጪ እንደሚቀንስ ለማወቅ በመጀመሪያ የሁለቱን አሠራር እንመልከት።

በምልክት ማዘዝ

ሱቁ በቀን 10 ኪሎ ጨው ይሸጣል። ትእዛዝ ከተላከ በኋላ ጨው ለመድረስ 4 ቀን ይፈጃል። በነዚህ 4 ቀናት 40 ኪሎ ይሸጣል ማለት ነው። ነገር ግን ገበያው አንድ ቀን ሊደምቅ፣ መኪናውም ሊዘገይ ስለሚችል 20 ኪሎ መጠባበቂያ እንጨምር። 40 እና 20 ሲደመር 60 ይሆናል። እንግዲህ ምልክታችን 60 ኪሎ ነው። ጨው 60 ኪሎ ላይ ሲደርስ፣ ቀኑ ሰኞም ይሁን ዓርብ፣ ወዲያው ይታዘዛል። የሚታዘዘውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን ነው፤ ለምሳሌ 140 ኪሎ።

ይህ አሠራር ዓይን ሁልጊዜ ከዕቃው ላይ እንዳይነሣ ይጠይቃል። የተሸጠው ሁሉ በየዕለቱ በቢን ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። ጽሕፈት የማያስፈልገው ቀላል ዘዴም አለ። 60 ኪሎውን ለብቻው በጆንያ አስሮ ከጀርባ ማስቀመጥ ነው። ከፊት ያለው ሲያልቅ የጀርባው ጆንያ ይፈታል፤ በዚያው ቀን ትእዛዝ ይላካል። አዲሱ ጨው ሲመጣ በመጀመሪያ የጀርባው ጆንያ እንደገና 60 ኪሎ ይሞላል።

በቀጠሮ ማዘዝ

እዚህ ላይ የሚወሰነው ቀኑ ነው። ለምሳሌ በየ14 ቀኑ ሁሉም ዕቃ ይቆጠራል፤ የጎደለው ሁሉ በአንድ ላይ ይታዘዛል። የሚታዘዘው መጠን ግን እንደ ጉድለቱ ይለያያል።

ታዲያ እስከ ስንት ኪሎ እንሙላ? ብዙ ሰው 14 ቀን ብቻ ያስባል። ይህ አይበቃም። ዛሬ ካዘዝን በኋላ የሚቀጥለው ትእዛዝ የሚላከው ከ14 ቀን በኋላ ነው። እሱም እስኪደርስ ሌላ 4 ቀን አለ። ስለዚህ የዛሬው ትእዛዝ 18 ቀን ማድረስ አለበት። ለ18 ቀን 180 ኪሎ ያስፈልጋል።

መጠባበቂያውም ይጨምራል። በምልክት ስናዝ የምንፈራው የመጠበቂያውን 4 ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን 18 ቀን ሙሉ ነው። ሆኖም መጠባበቂያው በቀኑ ልክ አያድግም። አንዱ ቀን ሲደምቅ ሌላው ስለሚቀዘቅዝ እርስ በርሳቸው ይካካሳሉ። የታወቀው ስሌት እንዲህ ነው፤ ቀኑ 4 እጥፍ ሲሆን መጠባበቂያው 2 እጥፍ፣ ቀኑ 9 እጥፍ ሲሆን 3 እጥፍ ይሆናል። 18 ቀን ከ4 ቀን በጥቂቱ ከ4 እጥፍ ስለሚበልጥ መጠባበቂያውን 40 ኪሎ እናድርገው። ስለዚህ መሙያችን 220 ኪሎ ነው። በቀጠሮው ቀን 90 ኪሎ ከተገኘ 130 ኪሎ እናዛለን።

የትኛው ይረክሳል?

ከላይ እንዳየነው በቀጠሮ ማዘዝ 20 ኪሎ ተጨማሪ ጨው ያስቀምጣል። ይህን ብቻ ያየ ሰው «በምልክት ይሻላል» ይላል። ነገር ግን የመኪናውን ኪራይ እንቁጠር።

አንድ ጉዞ 600 ብር ያስከፍላል እንበል። በቀጠሮ ከሆነ አራቱም ዕቃዎች በአንድ መኪና ይመጣሉ። በዓመት 26 ጉዞ ይሆናል፤ ኪራዩም 15,600 ብር ነው። በምልክት ከሆነ ግን ጨው ዛሬ ምልክቱ ላይ ይደርሳል፣ ስኳር ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሳሙና በሳምንቱ። አራቱ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው 26 ጊዜ ቢታዘዙ 104 ትእዛዝ ይመጣል። አንዳንዱ ቢገጣጠም እንኳ 90 ጉዞ እንበል፤ ኪራዩ 54,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 38,400 ብር ነው።

የአራቱ ዕቃዎች ተጨማሪ መጠባበቂያ ዋጋው 8,000 ብር ቢሆን፣ ለታሰረው ገንዘብና ለብልሽት ከ100 ብር 20 ብር ብናስብ፣ በዓመት የሚያስወጣው 1,600 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሱቅ በቀጠሮ ማዘዝ በጣም ይረክሳል። በምልክት እያዘዝን በአንድ ጊዜ ብዙ በማስመጣት ጉዞውን መቀነስ እንችላለን፤ ያን ጊዜ ግን የሚታሰረው ገንዘብ ይበዛል።

አሁን ደግሞ የማኅበሩን ወፍጮ እንውሰድ። ወፍጮው በቀን 20 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ናፍጣው የሚመጣው ከማደያ ለብቻው ነው፤ ከጨውና ከስኳር ጋር አይጫንም። በ2 ቀን ይደርሳል፤ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው 200 ሊትር ነው። በምልክት ከሆነ ለ2 ቀን 40 ሊትር፣ መጠባበቂያ 20 ሊትር፣ ምልክቱ 60 ሊትር ነው። በየ10 ቀኑ በቀጠሮ ከሆነ ግን 12 ቀን መሸፈን ስላለበት መጠባበቂያው ወደ 50 ሊትር ይወጣል። ጉዞው በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ የሚተርፍ ኪራይ የለም። 30 ሊትር ናፍጣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ የእሳት አደጋውም ይጨምራል። በአንጻሩ በምልክት የሚደረገው ጥበቃ በርሜሉ ውስጥ ምልክት ያለው ዘንግ ማጥለቅ ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ለናፍጣ በምልክት ማዘዝ ይረክሳል።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው ይህን ነው። ብዙ ዕቃ አንድ መኪና ሲጋራ፣ እያንዳንዱን በየዕለቱ መከታተልም ሲከብድ፣ ቀጠሮ ይሻላል። ዕቃው ውድ ሲሆን፣ ለብቻው ሲጓዝ፣ ለማየትም ሲቀል፣ ምልክት ይሻላል። አንድ ማኅበር ሁለቱንም ጎን ለጎን ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ሊደርሱ የሚችሉ ስሕተቶች

አንደኛ፣ ታዞ ያልደረሰውን መርሳት ነው። መደርደሪያው ላይ 50 ኪሎ ቢኖር፣ 140 ኪሎም መንገድ ላይ ቢሆን፣ ያለን 190 ኪሎ ነው። መደርደሪያውን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ ያዝና መጋዘኑን ያጨናንቃል።

ሁለተኛ፣ ካርዱንና ዕቃውን አለማመሳከር ነው። 15 ኪሎ ጨው ረጥቦ ቢጣልና ካርዱ ላይ ባይጻፍ፣ ካርዱ 75 ሲል ጆንያው 60 ላይ ነው። ምልክቱ ያልፋል፤ ማንም አያዝም። ስለዚህ በምልክት የሚያዝም ሰው አልፎ አልፎ በእጁ መቁጠር አለበት።

ሦስተኛ፣ የድግስ ሽያጭ ነው። 75 ኪሎ እያለ አንድ ሰው ለሠርግ 40 ኪሎ ቢወስድ 35 ይቀራል። የ4 ቀን እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ ከተለመደው 140 ኪሎ ላይ ከምልክቱ በታች የወረደውን 25 ኪሎ ጨምሮ ማዘዝ፣ ቶሎ እንዲደርስም መላላክ ያስፈልጋል።

መጠባበቂያው መብቃቱ የሚታወቀው በመዝገብ ነው። ዕቃ ያለቀበትን ቀን ሁሉ ጻፉ። አንድ ዕቃ ደጋግሞ ካለቀ መጠባበቂያው ያንሳል ማለት ነው። አዲሱ ዕቃ በደረሰ ቁጥር የፊተኛው ብዙ ተርፎ ከተገኘ ግን በዝቷል።

ጥያቄዎች

1. ሳሙና በቀን 6 ይሸጣል፤ ለመድረስ 5 ቀን ይፈጃል፤ መጠባበቂያው 12 ነው። ምልክቱ ስንት ነው?
2. በየ14 ቀኑ የሚያዝ ሱቅ ለምን ለ18 ቀን ማሰብ አለበት?
3. በአካባቢያችሁ ሱቅ ካሉት ዕቃዎች የትኞቹ በቀጠሮ፣ የትኞቹ በምልክት ቢታዘዙ ይሻላል? ምክንያቱን ተወያዩበት።