«ዜሮ ክፍያ» የሚለው ማስታወቂያ ያላወራው ወጪ

ውጭ አገር የሚኖር ሰው ወደ አገር ቤት ብር ሊልክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማስላኪያው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቶች ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ በማስታወቂያቸው ላይ ጎላ አድርገው የሚጽፉት ስለ ክፍያው ነው፤ «ዜሮ ክፍያ»፣ «የመጀመሪያው በነፃ» ይላሉ። ስለ ምንዛሪው ግን በደቃቅ ፊደል አልፈው ይሄዳሉ። ከላኪው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ትልቁ ድርሻ የሚቀረው ደግሞ እዚያው ምንዛሪው ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኮችና ትላልቅ ነጋዴዎች እርስ በርስ ዶላር ሲገበያዩ መግዣና መሸጫ ዋጋ አላቸው፤ የሁለቱ መሐል ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ «የዛሬ ምንዛሪ» ተብሎ የምናየው ነው። አስተላላፊው ድርጅት ለደንበኛው የሚሰጠው ተመን ከዚህ ዝቅ ያለ ነው። የሁለቱ ልዩነት ለድርጅቱ ገቢ ሆኖ ይቀራል። ደረሰኝ ላይ «ክፍያ» ተብሎ አይጻፍም፤ ላኪው ከኪሱ ሲወጣ አላየውም፣ ተቀባዩም እጁ ሳይገባ ስለቀረ መጉደሉን አያውቅም።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲቀል የዕለቱ የመሐል ተመን ለአንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ሴት ለእናቷ የምትልከው 200 ዶላር አላት፤ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አትጨምርም። አንደኛው ድርጅት ክፍያ የለውም፣ ተመኑ ግን 144 ብር ነው። ሁለተኛው 4 ዶላር ያስከፍላል፣ ተመኑ 149 ብር ነው። በአንደኛው ብትልክ እናቷ 28,800 ብር ይደርሳቸዋል። በሁለተኛው 4 ዶላሩ ተቀንሶ 196 ዶላር ይመነዘርና 29,204 ብር ይሆናል። «ነፃ» የተባለው በ404 ብር ያንሳል ማለት ነው። ምንም ሳይቀነስ በ150 ቢመነዘር 30,000 ብር ይሆን ስለነበር በአንደኛው የጎደለው 1,200 ብር፣ ማለትም 8 ዶላር ነው። በሁለተኛው የጎደለው 796 ብር፣ ወደ 5 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። ክፍያ አለኝ ያለው ረክሶ ተገኘ።

ይህን አይቶ «እንግዲያው ክፍያ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ይሻላል» ብሎ መደምደም ግን ሌላ ስሕተት ነው። ክፍያው 50 ዶላርም ተላከ 1,000 ዶላር ያው 4 ዶላር ነው፤ የምንዛሪው ልዩነት ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ ያድጋል። በዚሁ ምሳሌ 50 ዶላር ብቻ ቢላክ በአንደኛው ድርጅት 7,200 ብር፣ በሁለተኛው 6,854 ብር ይደርሳል፤ አሁን አሸናፊው «ዜሮ ክፍያ» ነው። 1,000 ዶላር ሲሆን አንደኛው 144,000፣ ሁለተኛው 148,404 ብር ያደርሳሉ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 119 ዶላር ገደማ ላይ ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚልክና ለሠርግ ወይም ለቤት ግንባታ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚልክ ሰው አንድ ድርጅት እኩል ላይስማማቸው የሚችለው ለዚህ ነው። ጓደኛ «እኔ በዚህ ነው የምልከው፣ ርካሽ ነው» ሲል ስንት ዶላር እንደሚልክ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዓለም ባንክ የማስላኪያ ወጪን የሚመዘግበው ክፍያውንና የምንዛሪውን ልዩነት ደምሮ ነው። በዚህ አቆጣጠር 200 ዶላር ለመላክ የሚወጣው የዓለም አማካይ በቅርብ ዓመታት ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኩል የተስማሙበት ግብ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ይኸውም ተመኑን ከምን ጋር እናስተያየው የሚለው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ እስኪያደርግ ድረስ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ሲሆን በጥቁር ገበያ እጥፍ ገደማ ያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንኮች በየራሳቸው ተመን ይወዳደራሉ። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ አስተላላፊው የሚሰጠው ተመን ኢንተርኔት ላይ ካየነው በልጦ ሊገኝ ይችላል። በእጅ የሚደረገው ሐዋላ ደግሞ የተሻለ ብር ሊያቀርብ ቢችልም ሕጋዊ አይደለም፤ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር የሚያዝ ደረሰኝ የለም፣ አቤት የሚባልበት ቦታም የለም። በሕጋዊው መንገድ ለሚልክ ሰው አስተማማኙ ማስተያያ አንድ ነው፦ ከኪሴ በጠቅላላ ይህን ያህል ዶላር ሲወጣ ተቀባዩ እጅ ስንት ብር ይገባል? ይህን በአንድ ቀን፣ በተቀራራቢ ሰዓት፣ በሁለትና ሦስት ድርጅት ማየት ነው። መቀበያውም አንድ ዓይነት ይሁን፤ በባንክ ሒሳብ ሲገባና በጥሬ ገንዘብ ሲወሰድ፣ ወይም በደቂቃ ሲደርስና ቀናት ሲፈጅ፣ አንዱ ድርጅት ራሱ የተለያየ ተመን ሊሰጥ ይችላል።

ከተመኖች ሁሉ በጥንቃቄ መታየት ያለበት የአዲስ ደንበኛ ተመን ነው። ድርጅቱ ለመጀመሪያው ዝውውር 152 ብር ይሰጣል እንበል፤ ተጠግቶ ሲነበብ ግን 152 የሚሠራው ለመጀመሪያዎቹ 200 ዶላሮች ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው በ146 ይመነዘራል። 500 ዶላር ሲላክ 200ው 30,400 ብር፣ ቀሪው 300 ደግሞ 43,800 ብር፣ በድምሩ 74,200 ብር ይሆናል። ብሩን ለዶላሩ ስናካፍል እውነተኛው ተመን 148.40 ነው። ያም ቢሆን ባለ 4 ዶላር ክፍያው ድርጅት ከሚያደርሰው 73,904 ብር ይበልጣል። በሚቀጥለው ወር ግን 500ው በሙሉ በ146 ይመነዘርና 73,000 ብር ይሆናል። ባለፈው ወር ረክሶ ያገኘነው ድርጅት በዚህኛው ወር ተወደደ፤ ላኪው ግን ለምዶታልና ዳግመኛ አያስተያይም። ድርጅቶቹም የሚያተርፉት በዚህ ልማድ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ሳያውቀው ለዓመታት የሚከስረው በዚሁ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ለላኪው ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶታል። ድርጅቱ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ክፍያውን፣ ተመኑንና ለተቀባዩ የሚደርሰውን መጠን በግልጽ ማሳየት አለበት፤ መጨረሻው መጠን አብዛኛውን ጊዜ Total to Recipient በሚል ይጻፋል። ዓይን ማረፍ ያለበት እዚያ መስመር ላይ ነው። ደንቡ ተመኑ ከገበያው ምን ያህል እንደሚያንስ ንገሩ ስለማይል ያንን ላኪው ራሱ ማስላት አለበት። ከከፈለ በኋላ የተሻለ ዋጋ ካገኘም፣ ተቀባዩ ገንዘቡን እስካልወሰደ ወይም ሒሳቡ ውስጥ እስካልገባ ድረስ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሰርዞ ክፍያውን ጨምሮ የማስመለስ መብት አለው።

ይህ ሁሉ በትክክል ተሠርቶም ወጪው አከፋፈሉ ላይ ሊጨምር ይችላል። በክሬዲት ካርድ ሲከፈል ካርዱን የሰጠው ባንክ ዝውውሩን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ሊቆጥረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የራሱን ክፍያ ይጨምራል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ይህ በአስተላላፊው ደረሰኝ ላይ አይታይም፣ የሚመጣው በካርዱ የወር ሒሳብ ላይ ነው። ከ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ከፍሎ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው 1 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ በ200 ዶላር ላይ 2 ዶላር ነው። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳቡ ወይም እዚያው በተሰጠ ዴቢት ካርድ የሚከፍል ሰው ግን ግብሩ አይመለከተውም።