በሁለት ፈቃድ መሀል የምትወድቅ ቀን

የሕመም ፈቃድ የተሰጠው ሰው ቀኑ እየደረሰ ሳለ ገና ካልዳነ፣ ፈቃዱ ሁለት ሳምንት እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በርካታ ሠራተኛ በዚህች መሀል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ወይም ደመወዙ ያልጠበቀውን ያህል ተቆርጦ ያገኘዋል። ሰበቡ ሕመሙ መጠራጠሩ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ፈቃድ ካለቀበት ቀን አንሥቶ አዲሱ እስከሚጀምርበት ቀን ድረስ ማንም ያልሸፈነው አንድ ወይም ሁለት ቀን ስለሚቀር ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ፣ የወር ደመወዟ 18 ሺህ ብር የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ እንውሰድ። ከቤቷ ደረጃ ላይ ወድቃ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሙ እግሯን በጀሶ አስሮ ከጥቅምት 4 እስከ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የ42 ቀን ዕረፍት ጻፈላት፤ ድርጅቱም ፈቀደ። ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚመለከተው ሌላ የሕጉ ክፍል ስለሆነ መንገዱም ሌላ ይሆን ነበር። እዚህ የምንናገረው ከሥራ ጋር ስለማይያያዝ ሕመም ነው።

ኅዳር 15 እሑድ ነው። ስለዚህ ካልተሻላት ሰኞ ኅዳር 16 ማለዳ ሥራ ላይ የለችም ማለት ነው። የሐኪም ቀጠሮዋ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቢሆን፣ ሐኪሙ አዲሱን ማስረጃ የሚጽፈው ከመረመራት ቀን ጀምሮ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም ወደኋላ ተመልሶ ባላያት ቀን ፈቃድ አይጽፍም፣ መጻፍም የለበትም። እንግዲያው ቀጠሮው ማክሰኞ ከሆነ ሰኞ ባዶ ቀን ሆና ትቀራለች። በድርጅቱ መዝገብ ላይ ያቺ ሰኞ «ያለ ፈቃድ የቀረ» ተብላ ትጻፋለች። እንዲህ ያሉ ቀናት ከማስጠንቀቂያ ጋር ሲጠራቀሙ ደግሞ እስከ ስንብት ሊያደርሱ ይችላሉ።

መፍትሔው ፈቃዱ ከማለቁ ሦስት አራት ቀን አስቀድሞ መታየት ነው። ሠራተኛችን ሐሙስ ኅዳር 12 ሄደች እንበል። ራጅ ተነሣች፤ የስብራቱ መስመር ገና ይታያል፣ ሲጫኑትም ያማታል። ሐኪሙ «እግርሽን ገና አትጫኚው፤ ሁለት ሳምንት ያስፈልግሻል» አላት። እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይገባታል፦ «ዶክተር፣ የፊተኛው ፈቃዴ እሑድ ነው የሚያልቀው፤ አዲሱ ከሰኞ ኅዳር 16 እንዲጀምር ይጻፉልኝ።» ይህን ካላለች ሐኪሙ 14ቱን ቀን ከዚያው ከሐሙስ መቁጠር ሊጀምር ይችላል። ያኔ አራት ቀን ከፊተኛው ፈቃድ ጋር ተደራርቦ ይባክናል፤ ሁለት ሳምንት የተባለውም አሥር ቀን ብቻ ሆኖ ያርፋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። «ሕመምተኛዋ ለ14 ቀን እንድታርፍ» የሚል ማስረጃ ፈቃድ ያስገኛል፣ ግን የአሠሪውን ጥያቄ አይመልስም። አሠሪው በመጀመሪያ ስድስት ሳምንት ተብሎ ተነግሮት በዚያ ሥራ አከፋፍሏል። አሁን ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተለወጠና መቼ እንደምትመለስ ነው። ስለዚህ አዲሱ ማስረጃ በሁለት ሦስት መስመር ይህን ቢይዝ ይጠቅማል፦ በስድስት ሳምንት ይድናል ተብሎ የተገመተው በምርመራ እንዳልደረሰ፣ ተጨማሪው ዕረፍት ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ፣ ስትመለስም የምትከለከለው ነገር ካለ ምን እንደሆነ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለምሳሌ «ለመጀመሪያው ወር ደረጃ መውጣትና ለረጅም ጊዜ መቆም አይመከርም» የሚል ቃል ካለ፣ ክፍሏ በሌላ ፎቅ ላይ ቢሆን አለቃዋ ምድር ቤት ጠረጴዛ ሊያዘጋጅላት ጊዜ ያገኛል።

የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የጤና ተቋሙ ማህተም፣ የካርድ ቁጥርና ማስረጃው የተሰጠበት ቀን መኖሩን ከተቋሙ ግቢ ሳይወጡ ማየት ያስፈልጋል። ማህተም ያልተመታበትን ወረቀት ይዞ ሄዶ ለመመለስ፣ በክራንች ለሚሄድ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ቀኖቹ የተጻፉበትን የዘመን አቆጣጠርም ልብ ማለት ይገባል። ብዙ ሐኪሞች የሚጽፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከኅዳር 16 እስከ ኅዳር 29 የሚለው በእነሱ ወረቀት ላይ ከ25/11 እስከ 08/12 ሆኖ ይመጣል። ዓመተ ምሕረቱ ካልተጻፈበት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የለመደ የመዝገብ ሠራተኛ ሐምሌ 25 እና ነሐሴ 8 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን ዓመቱን ጨምሮ «እ.ኤ.አ.» እንዲልበት መጠየቅ፣ በማመልከቻው ላይ ደግሞ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር ደግ ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የሠራተኛችን ማመልከቻ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

ቀን፦ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃዴ በ14 ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ከጥቅምት 4 እስከ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶኝ በሕክምና ላይ እገኛለሁ። ኅዳር 12 ቀን በተደረገልኝ ምርመራ ሐኪሜ ተጨማሪ ዕረፍት እንደሚያስፈልገኝ በማስረጃ ስለገለጸ፣ ፈቃዴ ከሰኞ ኅዳር 16 እስከ እሑድ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ25/11/2024 እስከ 08/12/2024) እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ። ቀጣዩ ምርመራዬ ኅዳር 26 ቀን ሲሆን ውጤቱን በማግስቱ አሳውቃለሁ። በሐኪሙ ግምት መሠረት ሰኞ ኅዳር 30 ቀን ሥራ እጀምራለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስምና ፊርማ)
አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ

ይህ ደብዳቤ ስለ ስብራቱ ዝርዝር አያወራም። በሽታው በአባሪው ላይ አለ፤ ማመልከቻው ግን ከመዝገብ ቤት እስከ ደመወዝ ክፍል በብዙ እጅ ስለሚያልፍ የሰው ገመና እዚያ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም። ይልቁንም እንደ ሳንባ ነቀርሳ ወይም የአእምሮ ሕመም ባሉ፣ ሰው በሚሸማቀቅባቸው ሕመሞች ላይ ይህ ጥንቃቄ የግድ ነው።

ማስረጃውን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለቅርብ አለቃ መላክ ተለምዷል፤ መልካምም ነው፣ አለቃው ወዲያው ያውቃል። ግን በዚያ ብቻ መተማመን አይገባም። ዋናውን ወረቀት ቤተሰብ ወይም የሥራ ባልደረባ ወስዶ መዝገብ ቤት ያስገባ፤ በቅጂው ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትቶ ይመልስ። ነገ አለቃው ቢቀየር ወይም «አልደረሰንም» ቢባል የሚናገረው ያ ቅጂ ነው።

አሠሪው «አልፈቅድም» ማለት ይችላል ወይ? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ በሚመጣ ጉዳት ባልሆነ ሕመም ሥራ መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ ይገባዋል። ጣሪያው ሕመሙ ከያዘበት ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይ ወይም በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ስድስት ወር ነው። ተገቢው ማስረጃ እስከቀረበና ጣሪያው እስካልተነካ ድረስ ፈቃዱ የአለቃ ችሮታ አይደለም። ሆኖም አሠሪው ማስረጃው እውነተኛ መሆኑን ከጤና ተቋሙ ማጣራት ይችላል። ሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት የሚሸጥበት አገር ስለሆነ በዚህ ቅር መሰኘት አይገባም። የድርጅቱ የኅብረት ስምምነት ከሕጉ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል እሱንም ማንበብ ይጠቅማል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ የእነሱ ቀንና ክፍያ ይለያል።

የሚያስከፋው ድንገት ክፍያው ላይ ነው። በአንቀጽ 86 መሠረት የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ቀኖቹ የሚደመሩት ከያንዳንዱ ሕመም እንደ አዲስ እየተጀመረ አይደለም። ሠራተኛችን በሰኔ 2016 በታይፎይድ አምስት ቀን የሕመም ፈቃድ ወስዳ ከነበረ፣ እነዚያ አምስት ቀናት የሙሉ ክፍያውን ወር ጀምረዋል። ወሩ በ30 ቀን ሲታሰብ ለስብራቱ የቀራት ሙሉ ክፍያ 25 ቀን ነው፤ እሱም ጥቅምት 28 ላይ ያልቃል። ከጥቅምት 29 እስከ ኅዳር 15 ያሉት 17 ቀናት በግማሽ ይከፈላሉ፤ የተጨመሩት 14 ቀናትም እንዲሁ። የቀን ደመወዟ 600 ብር ስለሆነ በያንዳንዱ ቀን 300 ብር ይቀርባታል። ማራዘሚያው ብቻ ከግብር በፊት 4,200 ብር ያስቀርባታል፤ ከፊተኛው 5,100 ጋር 9,300 ይሆናል። ይህን አስቀድማ ካወቀች የቤት ኪራይዋን በዚያ መጠን ታቅዳለች።

አንዳንድ አለቃ በዚህ ጊዜ «ይህን ሁለት ሳምንት ከዓመት ፈቃድሽ እንያዘው» ይላል። የዓመት ፈቃድ በሙሉ ደመወዝ ስለሆነ ለብሩ ሲባል የሚስማማ ሰው አለ፤ ምርጫው የራሱ ነው። ግን የታመመ ሰው የሕመም ፈቃዱን ትቶ የዕረፍት ቀኑን እንዲሰጥ ሊገደድ አይገባም። ከተስማማም የተያዘው የሥራ ቀን ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበል።

ኅዳር 26 ላይ የሚደረገው ምርመራ ሁለት ነገር ሊያሳይ ይችላል። አጥንቱ ከያዘ ሐኪሙ ሥራ መጀመር እንደምትችል፣ የምትከለከለውንም ጨምሮ ይጽፍላታል፤ እሷም ሰኞ ኅዳር 30 ትገባለች። ገና ካልያዘ ደግሞ ሦስት ቀን አላትና በዚያው መንገድ ከኅዳር 30 የሚጀምር ሌላ ማስረጃ ታጽፋለች። እስካሁን የተጠቀመችው ታይፎይዱን ጨምሮ 61 ቀን ነው፤ ከስድስት ወሩ ጣሪያም ገና ሩቅ ናት። በግማሽ ደመወዝ የሚከፈለው ሁለት ወር ግን 31 ቀኑ ሄዷል፤ የቀራት 29 ቀን ነው።